እኩል ሳይበሉ ሂሳብ መካፈል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዱ ጥብስና አራት ቢራ አዘዘ። ሌላዋ በያይነቱ በላች። ሌላዋ ደግሞ ዘግይታ መጥታ ማኪያቶ ብቻ ጠጣች። ከዚያ ሂሳብ ሲመጣ አንዱ ገና ወረቀቱን ሳያየው «ለአምስት እንካፈለው በቃ» ይላል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚያች ሰዓት የሚነሱ ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የአዲስ አበባ ናቸው። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የእናንተ ቤት ሊወደድም ሊረክስም ይችላል።

እኩል መካፈል ሁልጊዜ ስህተት ነው?

አይደለም። አንድ ትሪ ከበው የበሉ፣ ሁለት ሁለት ለስላሳ የጠጡ ሰዎች ካልኩሌተር ቢያወጡ ያስቃል። በትልቁና በትንሹ ትእዛዝ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ለስላሳ ወይም የአንድ ቡና ያህል ከሆነ እኩል ተካፈሉና ሂዱ። በየሳምንቱ የሚገናኙ ጓደኛሞችም ዛሬ የበዛበት ሌላ ቀን ይቀንስለታል፤ ይቻቻላል።

ግን ይህ የሚሠራው ተራው በእውነት የሚዞር ከሆነ ነው። ሁልጊዜ የሚጠጣው አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ውሃ የምታዘውም አንዲት ሴት ከሆነች ምንም የሚቻቻል ነገር የለም። በየሳምንቱ እሷ ናት የእሱን ቢራ የምትከፍለው።

ልዩነቱ በብር ሲታይ ምን ያህል ይሆናል?

ከመማሪያ መጽሐፍ የምናውቃቸውን ስሞች እንዋስ። ዓርብ ማታ ነው። አልማዝ ጾመኛ ናት፤ በያይነቱ በ400 ብርና ውሃ በ50 ብር አዘዘች። አበበ፣ ከበደና ቶሎሳ አንድ ኪሎ ጥብስ በ1,800 ብር አዘው አብረው በሉ። አበበ 150 ብር የሚሸጠውን ቢራ አራት ጠጣ፤ ከበደ ሁለት። ቶሎሳ የ80 ብር ለስላሳ ወሰደ። ሄለን መጨረሻ ላይ ደርሳ የ100 ብር ማኪያቶ ጠጣች።

በሜኑ ዋጋ ሲደመር አልማዝ 450፣ ሄለን 100፣ አበበ 1,200፣ ከበደ 900፣ ቶሎሳ 680 ብር ነው። ድምሩ 3,330 ብር። ቤቱ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል፤ 333 ብር። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት አለ፤ 549 ብር ከ45 ሳንቲም። የሚከፈለው ጠቅላላ 4,212 ብር ከ45 ሳንቲም ሆነ።

ለአምስት እኩል ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 842 ብር ይደርሳል። ሄለን ለአንድ ማኪያቶ 842 ብር ከፈለች ማለት ነው! አበበ በበኩሉ የ1,518 ብር ተጠቅሞ 842 ከፈለ። የሚገርመው ቶሎሳ ነው፤ በትክክል ቢሰላ 860 ብር ይደርስበት ስለነበር እኩል መካፈሉ ለእሱ ምንም አልለወጠም። እንዲህ ዓይነቱ መሃል ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ «ምን አለበት እኩል ይሁን» የሚለው ከልቡ ነው። እሱ ጋ ስለማይሰማ።

ታዲያ በትክክል እንዴት ይሰላል?

ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያዘዘውን በሜኑ ዋጋ ይደምራል። ቀጥሎ በጋራ የተበላው ለበሉት ሰዎች ብቻ ተካፍሎ በየድርሻቸው ላይ ይጨመራል። በመጨረሻ የእያንዳንዱ ድምር በአንድ ቁጥር ይባዛል።

ያ ቁጥር ከደረሰኙ ይገኛል። ታች ያለውን ጠቅላላ ክፍያ፣ ሰርቪስና ቫት ከመጨመራቸው በፊት ላለው ድምር ማካፈል ነው። በእኛ ምሳሌ፦

```
4212.45 ÷ 3330 = 1.265

አልማዝ    450 × 1.265 =  569.25
ሄለን     100 × 1.265 =  126.50
አበበ    1200 × 1.265 = 1518.00
ከበደ     900 × 1.265 = 1138.50
ቶሎሳ     680 × 1.265 =  860.20
```

አምስቱ ሲደመሩ 4,212.45 ይመጣል። ካልመጣ ወይ አንድ ትእዛዝ ተረስቷል ወይ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። የዚህ አካሄድ ጥቅሙ ቤቱ ምን እንደጨመረና በየትኛው ላይ እንዳሰላ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ሰርቪስ ይኑር አይኑር፣ ቫቱ በሰርቪሱ ላይ ይታሰብ አይታሰብ፣ ቅናሽ ይደረግ አይደረግ፣ ሁሉም በዚያች አንድ ቁጥር ውስጥ ገብቷል። ቅናሽ ከተደረገ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ከ1 በታችም ሊወርድ ይችላል።

ሳንቲሙን አትቁጠሩት። ሁሉም ወደሚቀጥለው አምስት ብር ከፍ ቢያደርግ 570፣ 130፣ 1,520፣ 1,140 እና 865 ይሆናል። ከሂሳቡ የምትተርፈው 12 ብር ከምናምን ለቲፕ ትጨመራለች።

ሁሉም የበላውን አዋጥቶ ሂሳቡ ለምን ይጎድላል?

ምክንያቱም ሁሉም ያዋጣው በሜኑ ዋጋ ነው። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። አልማዝ «የኔ 450 ነው» ብላ ታስቀምጣለች፣ ከበደ 900 ያስቀምጣል፣ ሁሉም ሐቀኛ ነው፣ ማንም አላጭበረበረም። ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው 3,330 ነው፤ አስተናጋጁ የሚጠብቀው ደግሞ 4,212። የጎደለው 882 ብር ነው።

ከዚያ ዓይን ለዓይን መተያየት ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን እየሰበሰበ የነበረው ሰው ከኪሱ ይሞላል፤ ወረቀቱ እሱ እጅ ላይ ስለሆነ። ካልሆነም አንዱ «የጎደለውን ለአምስት» ይላል። ያኔ ለእያንዳንዱ 176 ብር ይደርሳል፤ ሄለንም ለ100 ብር ማኪያቶዋ 276 ትከፍላለች። ሰርቪሱና ቫቱ የመጣው ከትእዛዙ መጠን ስለሆነ መከፈል ያለበትም በዚያው መጠን ነው። ብዙ ያዘዘ ብዙ ቫት አመጣ፤ በቃ።

በቃል መያዝ ለሚፈልግ ሰው፦ ሰርቪስም ቫትም የሚጨምር ቤት ከሆነ የሜኑው ዋጋ ላይ ሩቡን ጨምሮ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። የ900 ብሩ ከበደ ሩቡን 225 ሲጨምር 1,125 ይሆናል፤ ከትክክለኛው 14 ብር ያህል ብቻ ያንሳል።

የሜኑው ዋጋ ቫትን ያካትት አያካትት በምን ይታወቃል?

ብዙ ሜኑ ላይ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፎ ይገኛል። ካልተጻፈ ከማዘዝ በፊት «ዋጋው ቫትና ሰርቪስን ይጨምራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት ብዙውን ጊዜ ያየኸውን ነው የሚያስከፍልህ። ሆቴሎችና ትልልቅ ሬስቶራንቶች ጋ ግን መጠየቁ አይከፋም። ሳትጠይቁ ከቀራችሁም ደረሰኙ ይናገራል፤ ከድምሩ ሥር ሌላ መስመር ተጨምሮ ጠቅላላው ከፍ ካለ ዋጋው አያካትትም ነበር።

ከአንድ ትሪ የበላነውን ማን ይለካዋል?

ማንም። እዚህ ላይ ነው ስሌቱ ማቆም ያለበት። አንድ ኪሎ ጥብስ የከበቡ ሦስት ሰዎች ለሦስት ይካፈሉታል፤ አንዱ ፈጥኖ ቢበላም፣ ሌላው ምሳ አርፍዶ በልቶ ቢመጣም። «እኔ አራት ጉርሻ ብቻ ነው የበላሁት» ማለት የሚችለው ሳይታዘዝ በፊት «እኔን አትቁጠሩኝ» ያለ ሰው ብቻ ነው።

ወሰኑ ያለው ማን ትሪው ላይ ነበር በሚለው ነው። ጓደኛዋ አንድ ጊዜ ያጎረሳት ሰው ከቆጠራው ውጭ ናት። እጇን ታጥባ ወደ ትሪው የቀረበች ግን ገብታለች። ጾመኛ ደግሞ ጥብሱ መሃል ጠረጴዛው ላይ ስለተቀመጠ ብቻ የበላ አይባልም።

ስጋ ቤት ስትበሉ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ስጋው በኪሎ፣ ማስጠበሻው ለብቻ፣ እንጀራውም ለብቻ የሚታሰብበት ቤት አለ። እነዚህ ሁሉ ከስጋው ጋር የሚሄዱ ስለሆኑ ስጋውን የበሉት ሰዎች ናቸው የሚከፍሏቸው። ተጨማሪ እንጀራና አዋዜ «የጋራ» ተብሎ በጠቅላላው ሰው ላይ ሲከፋፈል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጋራ አይደለም።

«ምግቡ እኩል፣ መጠጥ ለየብቻ» ብንል አይበቃም?

ብዙ ጊዜ ይበቃል። ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው መጠጡ ስለሆነ፣ እሱን ብቻ ማውጣት የቅሬታውን አብዛኛውን ክፍል ያጠፋዋል። ለመስላትም ቀላል ነው።

የሚበላሸው በጾም ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴ ግማሹ ጾሞ ግማሹ ሳይጾም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የምግቡ ዋጋ ራሱ በጣም ይራራቃል። በእኛ ምሳሌ ምግብ የበሉት አራት ሰዎች ናቸው። ምግቡ ሁሉ 2,200 ብር ስለሆነ ለአራት 550 ይደርሳል። አልማዝ በዚህ መንገድ ከነውሃዋ 600፣ በ1.265 ሲባዛ 759 ብር ትከፍላለች። የራሷ ግን 569 ነበር። የ190 ብር ጥብስ ሳትቀምስ ከፈለች ማለት ነው፤ ያውም በጾም!

ስለዚህ በጾም ቀን ሦስት ቦታ ክፈሉት። የፍስኩን ምግብ የበሉት እርስ በርስ ይካፈሉ፣ የጾሙን የበሉት እርስ በርስ ይካፈሉ፣ መጠጡን እያንዳንዱ ሰው ይክፈል። ከዚያ በላይ መበተን የሚያስፈልገው አንድ ሰው ከሁሉም ለየት ያለ ውድ ነገር፣ ለምሳሌ ዓሣ ወይም ስቴክ፣ ለብቻው ካዘዘ ነው።

ወይን በጠርሙስ ወይም ቢራ በዙር ስንጠጣስ?

አንድ የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። ጥሩ አድርጎ ለሚቀዳ አስተናጋጅ አምስት ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል። ጠርሙሱ 1,500 ብር ከሆነ ብርጭቆው 300 ብር ነው። ሁለት ሰው ሁለት ሁለት፣ አንድ ሰው አንድ ከጠጣ በዚያው ማሰብ ይቻላል። ብርጭቆ መቁጠር የሚያሳፍር ከመሰላችሁ ለጠጪዎቹ እኩል አድርጉት። ለማይጠጡት ግን አይደለም።

ውስኪ ጠርሙስ ከተከፈተ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያስከፈተው ሰው ነው ባለቤቱ። «አንድ እንክፈት?» ተብሎ ሁሉም «እሺ» ካለ የእሺ ባዮቹ ነው። አንዱ ብቻውን ጠርቶ ካስከፈተና ለሌሎቹ ከቀዳላቸው ግን ጋብዟል ማለት ነው። ሂሳብ ሲመጣ ወደ ጋራ ማምጣት አይችልም።

በዙር ሲሆን የሚያጣላው ዙር የዘለለ ሰው ነው። አስተናጋጇ «ይደገም?» ስትል አንዱ እጁን ጠርሙሱ ላይ ከደፋ በዚያ ዙር የለም። አዲስ ቢራ ተከፍቶለት ሳይነካው ከሄደ ግን ያ ቢራ የእሱ ነው።

እኩል እንካፈላለን ሲባል ሰው አብዝቶ ያዛል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ የተሞከረ ነገር ነው። ኡሪ ግኒዚ የተባለው የኢኮኖሚክስ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ እስራኤል ሃይፋ ከተማ፣ እውነተኛ ምግብ ቤት ውስጥ ሰዎችን ስድስት ስድስት እያደረጉ አስቀመጡ። ውጤቱን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ለየራሳቸው እንዲከፍሉ የተነገራቸው በአማካይ 37 ሰቅል ያህል አዘዙ። ሂሳቡን ለስድስት እኩል እንዲካፈሉ የተነገራቸው 51 ሰቅል ያህል። ሙሉ በሙሉ የተጋበዙት ደግሞ 82 ሰቅል ገደማ። ሁሉም ግን ከማዘዛቸው በፊት ነው ሕጉን ያወቁት።

ምክንያቱ ስግብግብነት ብቻ አይደለም። አምስት ሰው እኩል ሲካፈል የ150 ብር ቢራ ለጠጪው የሚያስወጣው 30 ብር ነው፤ ቀሪውን 120 ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ማንም ሰው በ30 ብር ቢራ ቢያገኝ አንድ ይደግማል። እሱ ሲደግም ያየው ደግሞ «ለማንኛውም እኔው ነኝ የምከፍለው» ብሎ ለስላሳውን ትቶ ቢራ ያዛል። መጨረሻ ላይ ማንም ብቻውን ቢመጣ የማያዘውን ያህል ተበልቶና ተጠጥቶ ይገኛል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር አንድ ነው። አከፋፈሉ ከትእዛዙ በፊት ይነገር። ሜኑ እየተገለጠ «ዛሬ የየራሳችን ነው አይደል?» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያው ዓረፍተ ነገር ሂሳብ ከመጣ በኋላ ሲባል ክስ ይመስላል።

ትንሽ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፤ እንዴት ልበል?

ገንዘቡን ሳይሆን ሰዓቱን ነው ማሸነፍ ያለብህ። «ለአምስት» የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ከወጣ በኋላ መቃወም ከባድ ነው። ሂሳብ ሲጠራ አንተ ቀድመህ «የኔ ማኪያቶ ብቻ ናት፤ ከነቫቷ 130 ይኸው» ብለህ ጠረጴዛው ላይ አድርግ። ሳቅ ብለህ፣ ሳታብራራ። ምክንያት መደርደር ከጀመርክ ተከራካሪ ሆንክ። ከነቫቷ የሚለውን ግን አትርሳ፤ 100 ብር ብቻ ካስቀመጥክ ሌላው የአንተን 26 ብር ይሞላል፣ ያኔ ደግሞ ወቀሳው እውነት ይሆናል።

ደሞዝ ሳይወጣ የተጠራህ ከሆነ ደግሞ ለጠራህ ሰው ለብቻው አስቀድመህ በቴክስት ንገረው። ጥሩ ጓደኛ ከሆነ ሂሳብ ሲመጣ ራሱ ነው «የየራሳችን» የሚለው፤ አንተ አፍህን አትከፍትም።

ብዙ ያዘዝኩት እኔ ብሆንስ?

እንግዲያው መናገር ያለብህ አንተ ነህ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። አልማዝ «እኔ ጥብስ አልበላሁም» ብትል ቆጣቢ ትባላለች። አበበ «ቢራዎቹ የኔ ናቸው፤ 800 ብር አካባቢ ቀድሜ ላስቀምጥና የቀረውን እንካፈል» ቢል ግን ጨዋ ይባላል፤ ጠረጴዛውም ይቀላል። አራት ቢራ በ1.265 ሲባዛ 759 ብር ስለሚሆን 800 ያበቃዋል። ብዙ ያዘዘ ሰው «እኩል እንካፈል» የሚለውን ሐሳብ የመጀመሪያ አቅራቢ መሆን የለበትም። ማንም ባይናገረውም ሁሉም ያየዋል።

አስተናጋጁ ሂሳቡን ለየብቻ እንዲያመጣልን መጠየቅ ይቻላል?

ከማዘዝ በፊት ከነገራችሁት አብዛኛው ቤት ያደርገዋል። ችግሩ በኋላ ሲሆን ነው። ደረሰኝ ከማሽኑ አንዴ ከተቆረጠ እሱን ሰርዞ ለአምስት መቁረጥ ለካሸሯ ራስ ምታት ነው፤ ብዙ ቦታም እምቢ ይሏችኋል። ስለዚህ «ሂሳብ» ከማለታችሁ በፊት «ሳይቆረጥ ዝርዝሩን አሳየን» በሉ። የትእዛዙን ዝርዝር አይታችሁ ከተስማማችሁ በኋላ አንዱ ከፍሎ አንድ ደረሰኝ ይቆረጥ።

ማሳሰቢያ፦ የመሥሪያ ቤት ደረሰኝ የሚፈልግ ሰው መሃላችሁ ካለ እሱ የራሱን ለብቻው ያስቆርጥ። የአምስት ሰው ደረሰኝ ይዞ ሄዶ የሁሉንም ቢያወራርድና የእናንተን መዋጮ ኪሱ ቢያስገባ፣ ሂሳቡ የተካፈለው በአራታችሁ ብቻ ነው ማለት ነው።

አንዱ ይከፍልና በቴሌብር ብንልክለትስ?

በጣም ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን ከጠረጴዛ ከመነሳት በፊት። ቤት ገብቼ እልካለሁ የተባለ ገንዘብ ሰኞ ላይ ይረሳል፣ ከፋዩም ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሚሠራው ልማድ ይሄ ነው። የከፈለው ሰው ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ከሥሩ የእያንዳንዱን ስም ከነብሩ ይጽፋል። ሰው ልኮ «ተልኳል» ይላል። ስሙ ከነመጠኑ ከተጻፈ ማንም ላይ ጣት መቀሰር አያስፈልግም፤ ያልላከ ሰው ራሱ ይታየዋል።

ወጪውን በየተራ የምትሸፍኑ ከሆነም ፎቶው ይጠቅማል። ባለፈው ስንት እንደከፈለ የሚያስታውስ ሰው የለም፤ «እኔ ነበርኩ የከፈልኩት» የሚል ግን ሁልጊዜ ሁለት ነው።

ቲፑስ እንዴት ይካፈላል?

እሱን በነፍስ ወከፍ። ትንሽ ብር ነው፣ ማባዛት አያስፈልገውም። ደረሰኙ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ካለ ተጨማሪ መተው የፍላጎት ነው። ማኪያቶ ብቻ የጠጣችውን አትጠይቋት፤ ከፈለገች ራሷ ትጨምራለች።

ዘግይቶ የመጣ፣ ቀድሞ የሄደ ሰው ምን ያህል ይክፈል?

ዘግይቶ የመጣው ከደረሰ በኋላ የታዘዘውን ብቻ። ትሪው ላይ የቀረ ነገር ካለና «ና ብላ» ተብሎ ከበላ ያ ግብዣ ነው።

ቀድሞ የሚሄደው ነው የሚያስቸግረው፤ ሂሳቡ ገና ስላልመጣ። የበላውን በሜኑ ዋጋ ደምሮ፣ ሩቡን ጨምሮ፣ ወደ ላይ አጠጋግቶ ይተው። 680 ብር የበላው ቶሎሳ ቀድሞ ቢሄድ ሩቡ 170 ነው፤ 850 ይሆናል፤ 900 ብር ትቶ ቢሄድ ማንም አያማውም። ከእሱ በኋላ የተከፈተው ቢራ ግን አይመለከተውም።

ልደት ሲሆንስ?

መጀመሪያ ማን እንደጠራ ይጣራ። እኛ ጋ ባለልደቱ ራሱ ጋባዥ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጓደኞቹ አዋጥተው የሚያከብሩለትም አለ። ሁለቱ ሲምታቱ ነው ሰው ሁለት ሺህ ብር ሳያስበው የሚወጣው። «ኑ ልጋብዛችሁ» ከተባለ ስሌት የለም፤ «ኑ አብረን እናክብር» ከተባለ ብር ይዞ መሄድ ነው። የባለልደቱ ድርሻ በቀሪዎቹ ላይ እኩል ይከፋፈላል፤ እዚህ ላይ ማን ምን በላ አይታይም፣ ስጦታ ስለሆነ። የራሳቸውን ግን እንደበሉት።

ያልጠጣነው ቢራ ሂሳቡ ላይ ቢገኝስ?

ለዚህ ነው ባዶ ጠርሙሶቹ ከጠረጴዛው ባይነሱ የሚመረጠው። ተቆጥረው ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራሉ። ልዩነት ካለ ገንዘብ ከመሰብሰቡ በፊት አስተናጋጁን በእርጋታ ጠይቁት፤ ጠረጴዛ መቀያየጥ የተለመደ ስህተት ነው። ማን እንደጠጣው ያልታወቀ፣ ጠርሙሱ ግን ያለ ቢራ ከሆነ ለቢራ ጠጪዎቹ ይካፈል።

ዋሽንግተን ዲሲ ነው የምንኖረው፤ ስሌቱ ይለያል?

አሠራሩ ያው ነው፤ የሚባዛው ቁጥር ነው የሚለየው። ዲሲ ውስጥ በምግብ ቤት ሂሳብ ላይ 10 በመቶ ታክስ አለ። ቲፑ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ታክስ ሳይጨመር ባለው ድምር ላይ 20 በመቶ መተው የተለመደ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በሜኑ ዋጋ ላይ 30 በመቶ ይጨመራል፤ በ1.3 ማባዛት ነው። የ15 ዶላር ምግብ የበላ ሰው 15 ዶላር ብቻ ካስቀመጠ 4 ዶላር ተኩል ሰው ላይ ጣለ። ቲፑ ትልቅ ስለሆነ እዚያ በነፍስ ወከፍ አይሆንም፤ እንደ ቫቱ ከትእዛዙ ጋር ይሂድ።

ብዛት ካላችሁ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ስትሆኑ፣ አንዳንድ ቤቶች ቲፑን ራሳቸው ሂሳቡ ላይ ጨምረው ያመጡታል። ያንን መስመር ሳያዩ ሌላ 20 በመቶ የጨመሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ታክሱ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲሻገሩ ስለሚለያይ ቁጥሩን በቃል ከመያዝ ጠቅላላውን ለድምሩ ማካፈል ይሻላል።